በ16 ቢት ውስጥ የታጨቀ ቀን

በዚፕ ፋይል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰነድ መጨረሻ የተነካበትን ቀን ይዞ ይጓዛል። ለዓመቱ፣ ለወሩና ለቀኑ በአንድነት የተሰጠው ቦታ ግን 16 ቢት ብቻ ነው። ከኤምኤስ-ዶስ የተወረሰው ይህ አሠራር ሦስቱን በአንድ ቁጥር ውስጥ ያስቀምጣል።

ቀን ከ31 ስለማይበልጥ በስተቀኝ ያሉት 5 ቢቶች ይበቁታል። ለወር 4 ቢት ተመድቧል፤ 4 ቢት እስከ 15 ስለሚይዝ 13ኛዋ ጳጉሜን እንኳ ባልጠበባት ነበር፤ አቆጣጠሩ ግን የጎርጎርዮስ ነው። ለዓመት የተረፈው 7 ቢት ከ127 አያልፍም። ስለዚህ የሚጻፈው ከ1980 ወዲህ የተቆጠረው ዓመት ነው፤ ቦታው በ2107 ይሞላል።

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ ዓመቱ 44፣ ወሩ 9፣ ቀኑ 11 ይሆናል። ቀኑ ባለበት ይቀመጣል፤ ወሩ 5 ቢት፣ ዓመቱ 9 ቢት ወደ ግራ ይገፋሉ፤ ከዚያ ሦስቱ ይዋሃዳሉ፦

```
d = (44 << 9) | (9 << 5) | 11
```

ውጤቱ 22827 ነው። በሁለትዮሽ ሲጻፍ 0101100 1001 01011 ሆኖ ሦስቱም ለየብቻ ይታያሉ። ዓመቱ በስተግራ መሆኑም ታስቦበት ነው፤ ሁለት ቀኖችን ለማወዳደር ሳይፈቱ ቁጥሮቹን ማወዳደር ይበቃል።

ለመፍታት ማስክ ያስፈልጋል። ማስክ የምንፈልጋቸው ቢቶች ላይ 1፣ በቀሩት ላይ 0 ያለው ቁጥር ነው፤ `&` ሁለቱም ዘንድ 1 የሆነውን ብቻ ያስቀራል። 31 አምስት 1 በመሆኑ ቀኑን ለይቶ ያወጣል። ወሩ ግን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ጠርዝ ላይ መድረስ አለበት፦

```
day   = d & 31
month = (d >> 5) & 15
year  = (d >> 9) + 1980
```

ክፉው ስህተት ድምፅ የሌለው ነው። ሳይጣራ 43 የሚል ቀን ቢገባ፣ ትርፉ ቢት ወደ ወሩ ቦታ ይፈስሳል። የመስከረሙ 9 እዚያ ቦታ ላይ አስቀድሞ 1 ስላለው `|` ምንም አይለውጥም፤ ቁጥሩ ንጹሕ ሴፕቴምበር 11 ሆኖ ይወጣል። በ`|` ፈንታ በ`+` ቢዋሃዱ ደግሞ ወሩ ኦክቶበር ይሆናል። ስለዚህ ከማሸግ በፊት እያንዳንዱ ቁጥር በልኩ መሆኑ ይፈተሽ።

ሌላው ችግር ገና ቀጠሮውን እየጠበቀ ነው። በ2044 የዓመቱ ቁጥር 64 ይሆንና የግራው ጫፍ ቢት 1 ይሆናል። ፕሮግራሙ ቁጥሩን አሉታዊም በሚይዝ 16 ቢት ዓይነት ካስቀመጠው፣ ያ ቢት የመቀነስ ምልክት ተደርጎ ይነበባል። ወደ ቀኝ ሲገፋ ምልክቱ ስለሚከተለው -64 ይወጣል፤ የ2044 ሰነድ በ1916 የተጻፈ ይመስላል። ቁጥሩን አሉታዊ በማይይዝ ዓይነት ማስቀመጥ፣ አለዚያም ዓመቱን ከገፉ በኋላ `& 127` ማድረግ ይህን ይከላከላል።