የሰኞው ሪፖርት ስንት ሰዓት ይበላል?

በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም። የበሽታ ቅኝት ሳምንት ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑም ለክልል ይልካል። ጎንደር ላይ ጥምቀት ቢሆንም፣ ሊማሊሞ ላይ ጉም ቢወርድም ሪፖርቱ አይቀርም፤ በዓመት 52 ጊዜ ይመጣል።

ሪፖርቱን ኮምፒዩተር እንዲደምረው ለኃላፊዎ ፕሮፖዛል ልጻፍ ካሉ ዋናው ነገር አንዲት ቁጥር ናት፦ የሚተርፈው ሰዓት። ይህች ቁጥር እንዴት እንደምትወጣ አብረን እንይ።

መጀመሪያ ሥራውን ይከፋፍሉት። «ሪፖርት ማዘጋጀት» ተብሎ በአንድ ስም ቢጠራም በውስጡ አምስት ሥራ አለ፦ ያልላኩትን በስልክ መጠየቅ፣ የመጣውን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ፣ መደመር፣ ያልገጠመውን ማረም፣ ሸኚ ደብዳቤውን ጽፎ መላክ።

አሁን አንድ ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩ። በሚቀጥሉት አራት ሰኞዎች እያንዳንዱን ሥራ ሲጀምሩና ሲጨርሱ ሰዓቱን ይጻፉ። በግምት አይሙሉት፤ ያሰለቸንን ሥራ ሁላችንም ከልኩ አስረዝመን ነው የምናስታውሰው።

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮፖዛል ይሰናከላል። የእንጀራ ሊጥ ሦስት ቀን ቢቦካም እጅዎ የሠራው ማቡካቱንና መጋገሩን ብቻ ነው። ሪፖርትም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ጤና ጣቢያ ስልክ እስኪገባ የጠበቁበት ሰዓት ሌላ ሥራ እየሠሩበት ካለፈ አይቆጠርም። የሚቆጠረው እጅዎ የተያዘበት ደቂቃ ነው።

ስድስት ጤና ጣቢያዎች ያሉት አንድ ወረዳ በምሳሌ እንውሰድ። ስልክ መደወሉ 60 ደቂቃ፣ መገልበጡ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ 15 ደቂቃ ሆኖ 90 ደቂቃ፣ መደመሩ 45፣ ማረሙ 40፣ ደብዳቤው 35 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ድምሩ 270 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ነው።

አሁን ጤና ጣቢያዎቹ ቁጥሩን አንዴ፣ ራሳቸው፣ በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ቢያስገቡስ? መገልበጡና መደመሩ ይጠፋሉ። ስልኩ ግን አይጠፋም፤ ማን እንዳልላከ ሠንጠረዡ ቢነግርዎም ደዋዩ እርስዎ ስለሆኑ 40 ደቂቃ ይቀራል። የመጣውን ማንበብ 20፣ ማረም 30፣ ደብዳቤው 20 ደቂቃ ይሁን። ጠቅላላው 110 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በሳምንት 160 ደቂቃ ይተርፋል።

160 በ52 ሲባዛ 138 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ቁጥር እንዳለ ለኃላፊዎ አይስጡ። ሠንጠረዡን ለመሥራትና ሰዎቹን ለማለማመድ 40 ሰዓት፣ በየሳምንቱ ለመጠገን 30 ደቂቃ፣ ማለትም በዓመት 26 ሰዓት ይቀንሱ። በመጀመሪያው ዓመት የሚቀረው 72 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ወደ ዘጠኝ የሥራ ቀን ገደማ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 112 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የተገላገልነው ሥራ ማን ላይ ወደቀ? ጤና ጣቢያው ድሮም ወረቀት ይሞላ ከነበረና አሁን በወረቀቱ ፋንታ ስልክ ላይ የሚሞላ ከሆነ ጭማሪ የለም። ወረቀቱንም ስልኩንም የሚሞላ ከሆነ ግን ሰዓቱ ተዛወረ እንጂ አልተረፈም። ያን ጊዜ የእነሱንም ደቂቃ ከሂሳቡ ላይ ይቀንሱ።

ከሰዓቱ ሌላ ለኃላፊዎ የሚያሳዩት ስሕተት አለ። ይህን ቤትዎ ይሞክሩት። ሁለት አሃዝ ያለው ቁጥር ይጻፉ፣ ይገልብጡትና ትንሹን ከትልቁ ይቀንሱ፦ 63 ሲቀነስ 36፣ 27 ነው። 81 ሲቀነስ 18፣ 63 ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል።

ይህ ለሪፖርት ሠሪ ትልቅ መሣሪያ ነው። የአዲ አርቃይ ወባ ድምር ከወረቀቱ በ27 ቢበልጥ፣ 27 ለ9 ስለሚካፈል መጀመሪያ የተገለበጠ አሃዝ ይፈልጉ። ሁልጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ባይሆንም ፍለጋውን ያሳጥራል። ያለፉትን የአራት ሳምንት ሪፖርቶች በዚህ ዘዴ ፈትሸው ያገኙትን የግልበጣ ስሕተት ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፉ። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ካልተጻፈ ሲገለበጥ የሚሳሳትበት ዕድልም የለም።

ኮምፒዩተሩ ግን የራሱን ስሕተት ያመጣል። ሌላ ሙከራ ይኸውና፤ በስድስት ሳጥኖች፣ ከ`B2` እስከ `B7`፣ 12፣ 0፣ 7፣ ባዶ፣ 5፣ 9 ያስገቡና በ`SUM` ይደምሩ። 33 ይላል። ባዶውን በ0 ቢተኩትም 33 ይላል። ለ`SUM` ሁለቱ አንድ ናቸው።

ለበሽታ ቅኝት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ዜሮ ማለት «አይተናል፣ ታማሚ የለም» ነው። ባዶ ማለት «አልሰማንም» ነው። የማጅራት ገትር ታማሚ ያለበት ጤና ጣቢያ ሪፖርቱ ሳይደርስ ቢቀር፣ ድምሩ ወረዳው ደኅና ነው ብሎ ያሳስታል። መፍትሔው ይህ ነው፦

```
=IF(COUNTBLANK(B2:B7)>0,"ያልደረሰ አለ",SUM(B2:B7))
```

አንድ ባዶ ሳጥን እንኳ ካለ ድምሩ አይወጣም፤ ማን እንዳልላከ ፈልገው ይደውላሉ። ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋም በስልክ የነገሩዎትን ቁጥር እርስዎ ራስዎ የሚያስገቡበት መንገድ ይተዉ። በደጋው ይህ ብርቅ ነገር አይደለም።

ኃላፊዎ «ዲኤችአይኤስ 2 እያለ ሌላ ሠንጠረዥ ለምን?» ማለታቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሥርዓቱ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛ መዝገብ አይክፈቱ፤ ፕሮፖዛልዎ እሱን በአግባቡ ስለመጠቀም ይሁን። ገና ቁጥሩ በወረቀትና በስልክ የሚመጣ ከሆነ ግን ሠንጠረዡ እስከዚያው መሸጋገሪያ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ሰዓቱንም ወደ ብር አይለውጡት። ደመወዝዎ ያው ስለሆነ ለጽሕፈት ቤቱ ካዝና የሚገባ ነገር የለም። ይልቅ ሰዓቱ ምን እንደሚሠራበት ይናገሩ፦ ሁልጊዜ የሚዘገየውን ጤና ጣቢያ በአካል ሄዶ መዝገቡን ከሪፖርቱ ጋር ማመሳከር። በወቅቱና ተሟልተው የሚደርሱ ሪፖርቶች ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆኑ የሚጠበቅበት ወረዳ ይህን ሥራ ይፈልገዋል።

ፕሮፖዛሉ ከአንድ ገጽ አይለፍ። መዝጊያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አሁን በሳምንት 270 ደቂቃ የሚወስደው ሥራ ወደ 110 ደቂቃ እንደሚወርድ፣ የማዘጋጃና የጥገና ሰዓት ሲቀነስም በመጀመሪያው ዓመት 72 ሰዓት ያህል እንደሚተርፍ ይገመታል። አሮጌውና አዲሱ አሠራር ለአራት ሳምንት ጎን ለጎን እንዲሠሩ ይፈቀድልኝ። ከአራቱ በአንዱ ሳምንት እንኳ የሁለቱ ድምር ካልገጠመ፣ ምክንያቱ ተገኝቶ እስኪታረም ድረስ አሮጌው አሠራር ይቀጥላል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳይቆርጡት። ኃላፊዎ የሚፈርሙት ለአራት ሳምንት ሙከራ ብቻ ነው፤ ለዚያ መፍቀድ ደግሞ የዓመት ለውጥ ከማጽደቅ እጅግ ይቀላል።