ጠቋሚዋ የት ገባች?

በኤክሴል የወር ወጪ መደመርን የሚያስተምር ቪዲዮ እንውሰድ። ተመልካቹ የሚያየው በስልኩ ነው፤ `=SUM(B2:B31)` የሚጻፍባት ሳጥን እዚያ ላይ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ስለዚህ አዘጋጁ መጻፍ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ምስሉን ወደ ሳጥኗ ያቀርባል፤ ድምሩ እስኪነበብ እዚያው ቆይቶ ወደ ሙሉው ገጽ ይመለሳል። በየጠቅታው መቅረብና መራቅ ግን ራስ ያዞራል።

በ1920 በ1080 ፒክስል የተቀረጸ ስክሪን በዚያው መጠን በሚወጣ ቪዲዮ ላይ ሁለት እጥፍ ሲጎላ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። በ3840 በ2160 የተቀረጸው ጥርት እንዳለ ይቆያል። እንዲህ ያለ ስክሪን የሌለው ሰው ቀረጻውን ሳይጀምር ኤክሴሉን ራሱን ቢያጎላው ይሻለዋል።

የመዳፊቱም ጠቋሚ አስቀድሞ ይታሰብባት። ካምታዚያ ለብቻዋ ስለሚመዘግባት በኋላም በቢጫ ክብ ማድመቅ ይቻላል። በነጻ የሚገኘው ኦቢኤስ ግን ከምስሉ ጋር አዋህዶ ይቀርጻታል፤ ስለዚህ ማድመቂያውን፣ ለምሳሌ በዊንዶውስ የፓወርቶይስን፣ ከቀረጻው በፊት ማብራት ግድ ነው።

ፋይሉ እስኪከፈት የባከነው ጊዜ ይቆረጣል። ከጠቅታው በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ካልተረፈ ግን ተመልካቹ ምን እንደተጫነ ሳያይ ገጹ ይቀየርበታል። በጥበቃው መሃል መዳፊቱን ያንቀሳቀሰ ሰው ደግሞ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ቁርጡ ላይ ጠቋሚዋ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትዘላለች።