አገርን በሙሉ የሚዘጋ ዝርዝር

ዌብሳይት የሚያስተዳድር ሰው የሰርቨሩን መዝገብ ሲከፍት በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር የይለፍ ቃል ሙከራ ማግኘቱ የተለመደ ነው። አድራሻዎቹን ሲያጣራ ብዙዎቹ አንድም ደንበኛ ከሌለው አገር የመጡ ይመስላሉ። ያኔ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ያንን አገር ከነጭራሹ መዝጋት ነው። ለዚህ የሚሆን የአይፒ አድራሻ ዝርዝር በነፃ ይገኛል፤ ፋየርዎል ላይ መጫኑም ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ዝርዝሩ ግን የሚነግረን አድራሻው በማን ስም እንደተመዘገበ እንጂ ሰውየው የት እንዳለ አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻዎችን በዓለም ላይ የሚያድሉት አምስት ክልላዊ መዝጋቢዎች ናቸው፤ የአፍሪካው አፍሪኒክ መቀመጫው ሞሪሸስ ነው። እያንዳንዱ መዝጋቢ ለማን ስንት አድራሻ እንደሰጠ የሚያሳይ ፋይል ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። ለምሳሌ ከ196.188.0.0 የሚጀምሩ 65,536 አድራሻዎች `ET` በሚሉ ሁለት ፊደላት ሥር ተመዝግበዋል፤ ኢትዮጵያ ማለት ነው። ብዙዎቹ ነፃ ዝርዝሮች የሚሠሩት እነዚህን ሁለት ፊደላት በመልቀም ነው። የቀበሌ መታወቂያ ባለቤቱ ዛሬ የት እንደዋለ እንደማይናገር ሁሉ፣ እነዚህ ፊደላትም ኮምፒውተሩ ያለበትን ቦታ አይናገሩም።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከሲሼልስ በላይ የሚያሳይ የለም። የሕዝቧ ቁጥር ከመቶ ሺህ ብዙም አይርቅም። ሆኖም እዚያ የተመዘገበ ክላውድ ኢኖቬሽን የተባለ ኩባንያ ከአፍሪኒክ 6.2 ሚሊዮን ያህል አድራሻ ወስዷል፤ አብዛኛውም ከአፍሪካ ውጭ ላሉ ተጠቃሚዎች ተከራይቷል። ጉዳዩ ከ2021 ጀምሮ በሞሪሸስ ፍርድ ቤቶች ረጅም ክርክር አስነሥቷል። በመዝጋቢው ፋይል ብቻ ተመርቶ ሲሼልስን የሚዘጋ ሰው እንግዲህ የሚዘጋው ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ነው። ጥቃቱ የመጣበትን አገር የዘጋ የመሰለውም እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል።

የንግድ ድርጅቶች የሚሸጧቸው የመገኛ ቦታ ዳታቤዞች መዝገቡን በራሳቸው ልኬት ስለሚያርሙት ከዚህ የተሻሉ ናቸው። አገርን በመለየት በአብዛኛው ይሳካላቸዋል፤ ከዚያ ወርደው ከተማና ሰፈር ሲናገሩ ግን እምነት አይጣልባቸውም። ማክስማይንድ የተባለው ታዋቂ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ መሆኑን ብቻ ለሚያውቀው አድራሻ የአገሪቱን መሐል አካባቢ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ያ ነጥብ ካንሳስ ውስጥ ባለ አንድ የእርሻ ቤት ላይ ዐረፈ። በ2016 ጉዳዩ ሲጋለጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች እዚያ ቤት ላይ ተሰክተው ተገኙ፤ ነዋሪዎቹም ምንም ባላደረጉት ነገር ለዓመታት ፖሊስና ከሳሽ በራቸውን ሲያንኳኳ ኖረዋል። እንደኔ ይህ ታሪክ የሚከብደው ዳታቤዙ “አላውቅም” ማለት ሲገባው ቁጥር በመስጠቱ ነው፤ ተጠቃሚው ግምቱን ከእውነቱ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ዝርዝሩ ትክክል በሆነበትም ጊዜ ቢሆን መዘጋት የሌለበት ሰው ይዘጋል። የሳውዲ ሲም ካርዱን በሮሚንግ እየተጠቀመ አዲስ አበባ የገባ ሰው ኢንተርኔቱ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በሳውዲው ኔትወርክ በኩል ነው፤ ለዌብሳይቱ ሪያድ ያለ ይመስላል። በግንቦት 2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ሎስ አንጀለስ ታይምስን የመሰሉ የአሜሪካ ጋዜጦች የአውሮፓን አንባቢ በአድራሻው ዘግተውት ነበር። ስቶክሆልም ወይም ሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊም ከተዘጉት አንዱ ነበር፤ ጥቂት የቴክኒክ እውቀት ያለው ደግሞ በቪፒኤን አልፎ አንብቧል። አጥቂም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ ባልተዘጋ አገር ሰርቨር ይከራያል።

ሳይታሰብ የሚመጣ ሌላ ጉዳትም አለ። ነፃ የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የዌብሳይቱን ባለቤትነት የሚያረጋግጠው በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ካሉ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ እየጠየቀ ነው። ከጥቂት አገሮች በስተቀር ሁሉን የዘጋ ሰው ለጊዜው ምንም አይታየውም። ሰርተፊኬቱ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ግን እድሳቱ ይከሽፋል፤ የጎብኚዎች ብራውዘር “ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም” ማለት ይጀምራል። በመካከሉ ሳምንታት ስላለፉ ባለቤቱ ችግሩን ከፋየርዎሉ ጋር አያገናኘውም።

ዝርዝሩ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ሠራተኞች ብቻ ከኢትዮጵያ የሚገቡበትን የሰርቨር አስተዳደር በር በአገር መገደብ የመዝገቡን ጫጫታ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጠንካራ ቁልፍ እስካለ ድረስ። ሕዝብ የሚያነበው ገጽ ላይ ግን ከመዝጋት በፊት መቁጠር ይሻላል። ሊዘጉ የታሰቡት አድራሻዎች `cc` በሚል ስም ፋየርዎሉ ላይ ተጭነው ከሆነ የሚከተለው ትእዛዝ ማንንም ሳያግድ ማን ሊታገድ እንደነበር ይመዘግባል፦

```
nft insert rule inet filter input ip saddr @cc tcp dport 443 counter log
```

ለሁለት ሳምንት ያህል ተትቶ መዝገቡ ከዌብ ሰርቨሩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር፣ ገጹን በስነ ሥርዓት ከፍተው ያነበቡት ስንት እንደሆኑና የይለፍ ቃል ሲሞክሩ የነበሩት ስንት እንደሆኑ ይለያል። መዝጋት ካስፈለገም ዝርዝሩ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ አድራሻዎች ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ፣ ዓምና የአንዱ አገር የነበረው ዘንድሮ የሌላው ሆኖ ይገኛል።