ሁለት ጊዜ የሄደው 40,000 ብር

አንዲት ባለሱቅ የዘይት አከፋፋይዋ 40,000 ብር ይፈልግባታል እንበል። በስልኳ ላከችለት። ኔትወርኩ ተቆራርጦ ማረጋገጫ መልእክት ሳይመጣ ሲቀር፣ አልሄደም ብላ ደገመችው። ማታ ሒሳቧን ስታይ 80,000 ብር ወጥቷል።

ሁለተኛውን 40,000 በምን ታስመልሰዋለች? ውል ነበራቸው፤ ነገር ግን የውሉ ዕዳ በመጀመሪያው ክፍያ ተዘግቷል። ጥፋትም በአከፋፋዩ ላይ የለም፤ ገንዘቡ ቁጭ ባለበት ነው የገባለት። እንዲያውም የቸኮለችው እሷ ናት።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሦስተኛ በር አለው፤ ያለ አግባብ መበልጸግ ይባላል። በአንቀጽ 2162 መሠረት፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሌላው ሥራ ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው ባገኘው ጥቅም ልክ ይክሳል። አንቀጽ 2164 ደግሞ የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል። የባለሱቋ መቸኮል ይህን መብት አያሳጣትም። ዕዳው የሚወለደው ከስምምነት ወይም ከጥፋት ሳይሆን፣ ገንዘቡ ምክንያት ሳይኖረው በተቀባዩ እጅ ላይ ከመገኘቱ ነው።

ነገሩ የጥንት ሮማውያንንም አስቸግሯል። በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ በስሕተት የተከፈለን ገንዘብ ከብድር አጠገብ አስቀመጠው፤ ወዲያው ግን የሚከፍል ሰው ዕዳ ሊያበቃ እንጂ ሊጀምር አይፈልግምና ውል አይመስልም ብሎ ራሱን ጠረጠረ። በእኔ እምነት ጥርጣሬው ከምደባው ይበልጣል።

መለኪያው የተቀባዩ ጥቅም ስለሆነ፣ ባለሱቋ ገንዘቡ በማጠሩ ያመለጣትን ትርፍ በዚህ በር አታገኝም። አከፋፋዩም በቅን ልቦና ተቀብሎ፣ ክሱ ሲመጣ ጥቅሙ እጁ ላይ እንደሌለ ካስረዳ ከመመለስ ሊድን ይችላል። ማስረዳቱ ግን ቀላል አይደለም። በገንዘቡ ማቀዝቀዣ ቢገዛ ማቀዝቀዣው አለ፤ የራሱን ዕዳ ቢከፍልበትም ዕዳው ቀሎለታል። ክፉ ልቦና ካለው ደግሞ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ በመሆኑ፣ ለ40,000 ብር 3,600 ብር ይሆናል።

እሷም የምትሸነፍበት መንገድ አለ። ዕዳ እንደሌለባት እያወቀች፣ ወዳ ከፍላ ከሆነ ማስመለስ አትችልም። አከፋፋዩ «ሌላ ያልተከፈለ ዕዳ ነበረባት» ብሎ ካስረዳም ገንዘቡ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን የዝውውር ቁጥሮችና የዘይቱን ደረሰኝ ይዛ፣ «አንዱ በስሕተት ነው» የሚል ደብዳቤ ቶሎ ብትሰጠውና የተቀበለበትን ቀን ብታስፈርመው ይበጃታል። ከዚያ ቀን በኋላ ገንዘቡን ቢያጠፋው፣ ሳላውቅ ነው የሚለው መከላከያ አያዋጣውም።