የተሰረዘው ቪዲዮ የት ይሄዳል?

ስልክ ላይ የተሰረዘ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይጠፋም። ከአልበሙ ወጥቶ ወደ ቅርጫት ይገባል፤ እዚያም የያዘውን ቦታ እንደያዘ ይቆያል። አይፎን “Recently Deleted” በሚባለው አልበም ውስጥ ለ30 ቀናት ያህል ያቆየዋል። ጎግል ፎቶስ ደግሞ አካውንቱ ላይ የተጫነውን ለ60 ቀናት፣ ያልተጫነውን ለ30 ቀናት “Trash” ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ቪዲዮ የሰረዘ ሰው ስልኩ አሁንም “ሊሞላ ነው” ቢለው ስልኩ አልተሳሳተም፤ ቅርጫቱ ገና አልተራገፈም።

ቅርጫቱ ባዶ ሆኖም ማስጠንቀቂያው ካልቀረ፣ ቀድሞ መፈተሽ ያለበት ቴሌግራም ነው። ከቻናል ወርዶ የታየ ፊልም በመተግበሪያው የራሱ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ተመልካቹ ጋለሪ ላይም ካስቀመጠው ያው ፊልም ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ከጋለሪ ሲሰረዝ የሚጠፋው አንዱ ቅጂ ብቻ ነው። ጋለሪውን ደጋግሞ ማጽዳት ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው።

መጠኑን ለማየት በቴሌግራም Settings ውስጥ Data and Storage፣ ከዚያ Storage Usage ይከፈታል። የትኛው ቻናል ስንት ጊጋባይት እንደያዘ በዝርዝር ይታያል። Clear Cache ሲነካ መልእክቶቹ አይጠፉም፤ ፋይሎቹም በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀሩ እንደገና ይወርዳሉ፣ ዳታ መብላታቸው ግን አይቀርም። የቻናሉ ባለቤት የሰረዘው ፊልም ግን ተመልሶ ስለማይገኝ፣ የሚፈለገውን አስቀድሞ ጋለሪ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። እዚያው ገጽ ላይ የማቆያው ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት ዝቅ ከተደረገ መተግበሪያው ያልተከፈቱ ፋይሎችን ራሱ ያጸዳል።