አንድ ሰከንድ አኒሜሽን ስንት ያወጣል?

አኒሜሽን ማሠራት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት «በደቂቃ ስንት ትሠራላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ባለሙያዎች ሌላው የሚያስከፍለውን ሰምተው፣ ሥራው እንዳያመልጣቸው ጥቂት ቀንሰው አንድ ቁጥር ይናገራሉ። ሥራው ሲጋመስ ገንዘቡ ያልቃል፤ የቀረውን ሌሊት እያደሩ በነጻ ይጨርሱታል። እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣ ፊልም ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከመጀመሪያዎቹ ሲያንሱ ለተመልካች ሳይቀር ይታወቃል።

ከዚህ የሚያድነው ዋጋን ባለቀለት ሰከንድ ማስላት ነው። «ያለቀለት» ማለት ተሠርቶ፣ ታርሞ፣ አሠሪው አይቶት ወደ ቅንብር ለመግባት የተዘጋጀ ማለት ነው። አንድ ሰከንድ በፊልም ልማድ 24 ፍሬም አለው። በእጅ የሚሥል ሰው አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆየው ለሰከንዱ 12 ሥዕል ይበቃዋል። ዛሬ በትናንሽ ስቱዲዮዎች የሚዘወተረው ግን ሌላ ዘዴ ነው፤ የገጸ ባሕርዩ ራስ፣ ክንድና እግር ለየብቻ ተሥለው ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አሻንጉሊት በመገጣጠሚያ ይያያዛሉ። ይህ የተገጣጠመ አሻንጉሊት ሪግ ይባላል። አኒሜተሩ ዋና ዋናውን አቋም ሲያስይዝ በመካከል ያለውን እንቅስቃሴ ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። ስለዚህ እዚህ የሚቆጠረው የሥዕል ብዛት አይደለም፤ የአኒሜተሩ ቀን ነው። አንድ ሰው በአንድ የሥራ ቀን ስንት ያለቀለት ሰከንድ ያወጣል? ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንድ ሥራ ወስደን እንየው። አንድ ድርጅት ለልጆች ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር የ90 ሰከንድ ፊልም አሠራ እንበል። ገጸ ባሕርያቱ አንዲት ልጅና አያቷ ናቸው፤ አምስት የጀርባ ሥዕል አለ፤ ታሪኩን የሚያወርደው ተራኪ ቢሆንም አልፎ አልፎ ሁለቱ ይነጋገራሉ። የአንድ ሰው የሥራ ቀን ከነኮምፒውተሩና ከነቢሮው 2,000 ብር ያወጣል ብለን እንያዝ። ይህ ለስሌት እንዲመች የተያዘ ቁጥር እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስቱዲዮ የራሱን ያስገባል። ብሩ ይለዋወጣል፣ ቀኑ ግን ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በቀን አስልቶ ወደ ብር መመለሱ ይሻላል።

ሰከንዶች ሁሉ እኩል አይደክሙም። አያትየዋ ቁጭ ብላ ዓይኗን ብቻ እያርገበገበች ተራኪው የሚናገርበት ሰከንድ ቀላል ነው። ልጅቷ እጇን እያወናጨፈች የምታወራበት መካከለኛ ነው። አያትየዋ ገበያው መሃል ሰው እየገፋች የምትሄድበት፣ ወይም ልጅቷ በማስታጠቢያ ውሃ እያፈሰሰች አያቷን እጅ የምታስታጥብበት ከባድ ነው። ማስታጠቡ ለተመልካች ተራ ነገር ይመስላል። ለአኒሜተሩ ግን የሚፈስ ውሃ፣ ዕቃ የያዘ እጅና እርስ በርስ የሚነካኩ ሁለት ገጸ ባሕርያት በአንድ ቦታ ተገናኝተውበታል። ሪግ ደግሞ ብቻውን ሲንቀሳቀስ እንጂ ሌላውን ሲነካ አይመቸውም።

ስቶሪቦርዱ እንዳለቀ እያንዳንዱ ሾት ከነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ይመደባል። በእኛ ፊልም 40 ሰከንድ ቀላል፣ 35 ሰከንድ መካከለኛ፣ 15 ሰከንድ ከባድ ወጣ እንበል። ከዚያ ከሦስቱም ዓይነት አንድ አንድ ሾት ተመርጦ እስከ መጨረሻው ይሠራል፤ የፈጀውም ሰዓት ከነእርማቱ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለሙከራ ቀላሉን ሾት ይመርጥና በእሱ ፍጥነት ፊልሙን በሙሉ ያሰላል። የሙከራው ውጤት በቀን ቀላሉን 10 ሰከንድ፣ መካከለኛውን 5 ሰከንድ፣ ከባዱን 1 ሰከንድ ተኩል ነው ብንል፣ ቀላሉ 4 ቀን፣ መካከለኛው 7 ቀን፣ ከባዱ ደግሞ 10 ቀን ይወስዳል። በድምሩ 21 ቀን፣ 42,000 ብር ነው። የፊልሙ ስድስተኛ እጅ የሆነው 15 ሰከንድ የእንቅስቃሴውን ሥራ ግማሽ ያህል በልቶታል። በቀላሉ ሾት ፍጥነት ያሰላ ሰው ግን 9 ቀን ብሎ ይዋዋል።

42,000 ብር ለ90 ሲካፈል በሰከንድ 467 ብር ይመጣል። በዚህ ቁጥር የሚዋዋል ስቱዲዮ ግን ገና የሥራውን ሲሶ እንኳ አላሰላም፤ አሻንጉሊቱ ከመንቀሳቀሱ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ አልተነካምና። ጽሑፉ 3 ቀን፣ ስቶሪቦርዱና ሥዕሎቹ በድምፅና በጊዜ ተሰክተው የሚታዩበት አኒማቲክ 5 ቀን፣ የገጸ ባሕርያቱ ንድፍ 3 ቀን፣ ሪጉ 6 ቀን፣ የጀርባ ሥዕሉ 5 ቀን፣ ቅንብሩ 4 ቀን፣ ሥራውን መምራትና ከአሠሪው ጋር መነጋገሩ 6 ቀን ይፈልጋል። ይህ 32 ቀን፣ 64,000 ብር ነው። ለተዋንያኑ ድምፅና ለቀረጻው 12,000፣ ለሙዚቃና ለድምፅ ማጀቢያ 15,000 ሲጨመር ጠቅላላው 133,000 ብር ይደርሳል። አሁን ሰከንዱ ወደ 1,480 ብር ገደማ ሆነ።

አሠሪዎች እዚህ ላይ የሚሉትን ሁሉም ባለሙያ ያውቀዋል፤ «እንግዲያው ወደ 45 ሰከንድ አሳጥሩትና በግማሽ ዋጋ ሥሩልን።» የሚቻል ነገር አይደለም። ልጅቷና አያቷ ለ45 ሰከንድም ቢሆን መነደፍና በሪግ መገጣጠም አለባቸው። የእንቅስቃሴው ወጪ በግማሽ ወደ 21,000 ይወርዳል፤ ከቀረው ሥራ 6 ቀን ይቀነሳል፣ ከቀረጻውና ከሙዚቃው ደግሞ 3,000 ብር ያህል ይተርፍ ይሆናል። ድምሩ 97,000 ነው። ፊልሙ በግማሽ ሲያጥር ወጪው የቀነሰው በሩብ ገደማ ብቻ ነው፤ የሰከንዱ ዋጋ እንዲያውም ከ2,100 ብር በላይ ወጣ። ለሌላ ፊልም የተሠላን የሰከንድ ዋጋ እንዳለ ወስዶ ርዝመቱ በማይመሳሰል ሥራ ላይ ማባዛት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ገንዘብ መቀነስ የግድ ከሆነ የሚነካው ርዝመቱ ሳይሆን ከባዱ ሰከንድ ነው። ሐና እና ባርቤራ የሚባሉት አሜሪካውያን ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገሩ ለአንድ ፊልም የሚሰጣቸው ገንዘብ እጅግ ስላነሰ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለውን ድቡን ዮጊን ኮሌታና ክራቫት አለበሱት። ኮሌታው የአንገቱን መጋጠሚያ ስለሚሸፍን አካሉ ሳይንቀሳቀስ ራሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ተቻለ። በእኛ ፊልምም አያትየዋ ስትሄድ ከወገቧ በላይ ብቻ ብትታይ፣ የገበያው ሕዝብም በምስል ሳይሆን በድምፅ ቢሰማ፣ 9 ሰከንድ ከከባዱ ወደ መካከለኛው ይሻገራል፤ ከ4 ቀን በላይ ይተርፋል። ማስታጠቡን ግን አልነካውም። ፊልሙ የተሠራው ለእሱ ነውና የተረፈው ቀን እዚያ ላይ ቢውል እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ድብቁ ወጪ እንምጣ። የመጀመሪያውና ትልቁ «ትንሽ ብቻ አስተካክሉልን» የሚባለው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ላይ ለመቀየር ደቂቃዎች ይበቃሉ። አኒማቲክ ላይ ሲሆን አንድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ግን ተዋናይቱ ተመልሳ ትቀረጻለች፣ አፉ ከአዲሱ ድምፅ ጋር እንደገና ይዛመዳል፣ የሾቱ ርዝመት ይቀየርና ሙዚቃው ይዛነፋል። ስለዚህ ጽሑፉ፣ ንድፉና አኒማቲኩ እያንዳንዳቸው በአሠሪው ፊርማ ይዘጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ይገባል፤ ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ለብቻው ይከፈላል። ፈራሚው አንድ ሰው መሆኑም በውሉ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚሉ፣ አኒማቲኩን አይተው የማያውቁ ኃላፊ ሥራውን ከሥሩ ሊያስፈርሱት ይችላሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ53ቱ የሥራ ቀን 15 በመቶ፣ ማለትም 8 ቀን ወይም 16,000 ብር፣ ለእርማት ይያዛል።

ሁለተኛው ሌላ ቋንቋ ነው። ፊልሙ አልቆ ሲረከብ «በኦሮምኛም አድርጉልን» ይባላል፤ ድምፅ መቀየር ብቻ ስለሚመስል ማንም ዋጋ አይጠይቅበትም። ነገር ግን የተተረጎመው ንግግር ርዝመቱ አይገጥምም፤ የሚናገሩት ገጸ ባሕርያት አፍ እንደገና ይሠራል፤ ምስሉ ላይ ያለው ጽሑፍም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስለሚረዝም ከተመደበለት ቦታ ይወጣል። ቀድሞ የታወቀ ከሆነ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ሳይቀላቀል ለየብቻ ይቀመጣል፣ ንግግሩም በተቻለ መጠን ለተራኪው ይሰጣል። ለእኛ ፊልም 5 ቀንና አዲስ ቀረጻ፣ በድምሩ 22,000 ብር ይያዝለት። ለስልክ የሚሆነው የቁም ፊልምም ከዚሁ ወገን ነው። ጎንና ጎኑን ቆርጦ መጣል አያወጣውም፤ አያትና ልጅ ትይዩ የተቀመጡበት ሾት ሲቆረጥ አንዷ ትጠፋለች። ሾቶቹን ለቁም ማዕቀፍ ማስተካከያ 4 ቀን፣ 8,000 ብር ይጨመራል።

ሦስተኛው ሬንደር ነው፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም አጠናቅቆ የሚያወጣበት ሥራ። 90 ሰከንድ 2,160 ፍሬም ነው፤ አንዱ 20 ሴኮንድ ቢወስድ ሙሉው 12 ሰዓት ይፈጃል። በአሥረኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋና ፊልሙ እንደ አንድ ቪዲዮ እየወጣ ከነበረ ፋይሉ ይበላሽና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ፍሬሞቹን ለየብቻ ምስል አድርጎ ማውጣት ከቆመበት ለመቀጠል ያስችላል። ለዚህ፣ ለመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክና ለመብራት ማቆያ ባትሪ ድርሻ 6,000 ብር ይያዝ።

ድምሩ 185,000 ሆኗል። ላልታሰበ ነገር 10 በመቶ ሲታከልበት 203,500 ብር፣ በሰከንድ ወደ 2,260 ብር ይመጣል። መጀመሪያ ካገኘነው 467 ብር አምስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር ግን ገና አልገባበትም። ስቱዲዮው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶው ከዚህ ውጭ መሆኑ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ሳይጻፍ ከቀረ አሠሪው ዋጋው ታክስን ያጠቃለለ ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ስቱዲዮውም ከራሱ ድርሻ ይከፍላል።

አንድ ነገር ቀረ፤ እሱም ሪጎቹና የሥራ ፋይሎቹ የማን ናቸው የሚለው ነው። አሠሪው ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ከተረከበ አያትና ልጅ በስቱዲዮው እጅ ይቆያሉ፤ ሁለተኛ ክፍል ሲሠራ ለንድፍና ለሪግ የወጣው 9 ቀን አይደገምምና ሰከንዱ ይረክሳል። ፋይሎቹን ልውሰድ ካለ ያንን ሥራ ሌላ ስቱዲዮ ሊሠራው ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዋጋቸው በውሉ ውስጥ ለብቻው በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ርክክቡም የመጨረሻው ክፍያ ከገባ በኋላ ይሆናል።