ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲገባ

የቤንዚን ሞተር እሳቱን ከካንዴላ ይቀበላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን እሳቱን ከአየር ያወጣል። የሁለቱ ሞተሮች ዋና ልዩነት ይህ ነው፤ ነዳጆቻቸውም የተለያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አየርና ቤንዚን አስቀድመው ይደባለቁና ሲሊንደር ውስጥ ይታመቃሉ፤ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ካንዴላው ብልጭ ብሎ ያቀጣጥላቸዋል። እመቃው ከአሥር እጥፍ ብዙም አይርቅም። በጣም ከበዛ ድብልቁ ካንዴላውን ሳይጠብቅ በሙቀቱ ብቻ ይነድና ሞተሩን ያንኳኳዋል። ስለዚህ ቤንዚን የሚዘጋጀው በሙቀት ብቻ በቀላሉ እንዳይነድ ተደርጎ ነው።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ አሠርቶ ያስመሰከረው ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም። መጀመሪያ አየር ብቻ ይገባል፤ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን ይረጫል፤ ናፍጣውም ራሱ ይነዳል። እዚህ የሚፈለገው ጠባይ የቤንዚን ተቃራኒ ነው፤ ሙቀት እንደነካው ቶሎ የሚቀጣጠል ነዳጅ።

ቤንዚን ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ጉዳቱ ከዚህ ልዩነት የሚመጣ፣ ቤንዚኑም ሲሊንደር ውስጥ ፈንድቶ ሞተሩን የሚሰብረው ይመስለዋል። ቤንዚኑ ዘግይቶ ስለሚነድ ሞተሩን ማንኳኳቱ እውነት ነው። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ግን ነዳጁ ሲሊንደር ከመድረሱ በፊት፣ ፖምፓው ላይ ነው።

በዘመናዊ የናፍጣ መኪና፣ ኮመን ሬይል በሚባለው ሥርዓት፣ ፖምፓው ነዳጁን እስከ 2,000 ባር ይገፋዋል። ይህ በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት አንድ ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ያን ያህል ግፊት እንዳያመልጥ የፖምፓው ብረቶች እጅግ ተቀራርበው የተገጠሙ ናቸው። በብዙዎቹ ፖምፓዎች እነዚህን ብረቶች የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም፤ ቅባታቸው የሚያልፍባቸው ናፍጣ ራሱ ነው። ቤንዚን ቀጭን ነው፤ ቅባትነት የለውም፤ የነበረውንም የናፍጣ ቅባት ያጥበዋል። ያን ጊዜ ብረት ከብረት ይፋቃል።

ሰልባትዮው 80 ሊትር የሚይዝ አንድ ናፍጣ ፒክአፕ እንውሰድ። 20 ሊትር ናፍጣ ቀርቶታል፤ ቀጂው 30 ሊትር ቤንዚን ጨመረበት። ሾፌሩ ሲያስነሳ ሞተሩ ምንም አይልም፤ ምክንያቱም በቱቦውና በፊልትሮው ውስጥ የቀረው ንጹሕ ናፍጣ ነው። ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ ድምፁ ይሻክራል፤ ጉልበት ያንሰዋል፤ በመጨረሻም ይጠፋል፤ ደግሞም አይነሳም። እስከዚያ ድረስ ከፖምፓው የተፋቀው የብረት ብናኝ ከነዳጁ ጋር ወደ ኢንጀክተሮቹ ሄዷል። ከእነርሱ የተረፈው ነዳጅም ብናኙን ይዞ በመመለሻው ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይገባል። ለዚህ ነው ፖምፓውን ብቻ መቀየር የማይበቃው፤ ያልጸዳው ብናኝ አዲሱንም ፖምፓ ይበላዋል።

ያው ሾፌር ስህተቱን ማደያው ላይ ሳለ ቢያውቀው ኖሮ ጉዳዩ በቀላሉ ያልቅ ነበር። ቁልፉን ፈጽሞ አለመንካት ነው፤ በብዙ መኪኖች ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉ ገና ሲዞር፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ትንሽ ፓምፕ ነዳጁን ወደፊት ይልካል። ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ወደ ዳር መግፋት፣ ሰልባትዮውን ማስቀዳት፣ ንጹሕ ናፍጣ መሙላት። ናፍጣ ጨምሮ ቤንዚኑን ማሳሳት የሚሉ አሉ። በድሮዎቹ፣ ግፊታቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሞተሮች ጥቂት ቤንዚን ሳይጎዳ ያልፍ ስለነበር የመጣ ምክር ነው፤ በኮመን ሬይል ላይ ልሞክረው ለሚል ሰው ግን አልመክረውም።

መኪናው ከተነዳ በኋላ ከሆነ ግን ጉዳቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ መካኒክ በፖምፓው ላይ ከመፍረዱ በፊት ፊልትሮውን ይከፍታል፤ ከፖምፓውም የወጣውን ነዳጅ በንጹሕ ዕቃ ቀድቶ በብርሃን ያየዋል። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ፖምፓው፣ ቱቦዎቹና ኢንጀክተሮቹ አብረው መታየት አለባቸው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ብናኝ ከሌለ ማጠብና ፊልትሮ መቀየር ሊበቃ ይችላል።

ናፍጣ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ናፍጣው በደንብ አይተንም፤ ካንዴላዎቹን ያጠቁራል፤ መኪናው ያጨሳል፣ ይጠፋል። ታጥቦ፣ ካንዴላው ጸድቶ ወይም ተቀይሮ ብዙ ጊዜ ይድናል። በብዙ አገር የናፍጣ መቅጃ አፍ ስለሚሰፋ ወደ ቤንዚን መኪና አንገት አይገባም፤ ቀጭኑ የቤንዚን መቅጃ ግን ወደ ናፍጣ መኪና ያለችግር ይገባል። ከባዱ ስህተት ነው ቀላል ሆኖ የቀረው።

የተቀዳውን ድብልቅ በተመለከተ መካኒኮችም የሚዘናጉበት ነገር አለ። የናፍጣ ትነት ብልጭታ የሚይዘው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ድረስም ይይዛል። ስለዚህ ድብልቁ ናፍጣ ቢመስልም አያያዙ እንደ ቤንዚን ነው፤ የሚቀዳው ሜዳ ላይ፣ ከብየዳና ከሲጋራ ርቆ ነው፤ የሚቀመጠውም በተከደነ ጀሪካን።